የጤፍ መስመር ዘርና የ0.029 ትርጉም

ጎጃም ውስጥ ጤፍ በብተና ይዘራ ወይስ በመስመር የሚለው ክርክር ገበሬውና የልማት ሠራተኛው በተገናኙ ቁጥር ይነሳል። በብተና የሚዘራ ገበሬ ለአንድ ሄክታር ከ25 እስከ 30 ኪሎ ዘር ይበትናል። የመስመሩ ምክር ደግሞ በ20 ሳንቲ ሜትር ርቀት መስመር እያወጡ ከ5 እስከ 10 ኪሎ ዘር ብቻ መጨመር ነው። ዘር ይቆጥባል፣ ለአረም ይመቻል፤ ጉልበቱ ግን አይጣል ነው። ሐምሌ ውስጥ ዝናቡ ፋታ በሰጠባት ቀን፣ ጭቃ ላይ ጎንበስ ብሎ ያንን ደቃቅ ዘር በመስመር ማንጠባጠብ በሁለት ሰው የሚገፋ ሥራ አይደለም፤ ወንፈል መጥራት ያስፈልጋል። ስለዚህ ገበሬው የሚጠይቀው ቀጥተኛ ጥያቄ ነው፦ «በጥማድ ስንት ይጨምርልኛል?»

አሁን አንድ የግብርና ተማሪ ይህን ለመመለስ የመመረቂያ ጥናት ሠራ እንበል። ከዚህ በታች ያሉትን ቁጥሮች ለማስረዳት ያዘጋጀኋቸው እኔ ነኝ፤ ከማንም ጥናት የተወሰዱ አይደሉም። ተማሪው በማቻከልና በጎዛምን ወረዳዎች 40 ፈቃደኛ ገበሬዎችን አገኘ፤ ከእያንዳንዳቸው አንድ ማሳ ወሰደ። ዕጣ አውጥቶ 20ው በመስመር፣ 20ው በብተና እንዲዘሩ አደረገ። የሁሉም ዘር ቁንጮ የተባለው የጤፍ ዝርያ ነው፤ ማዳበሪያውም እኩል ነው። ኅዳር ላይ ታጭዶ፣ ተወቅቶ፣ ተመዘነ። በብተና የተዘራው በአማካይ በሄክታር 14.2 ኩንታል፣ በመስመር የተዘራው 16.1 ኩንታል ሰጠ። ልዩነቱ 1.9 ኩንታል ነው። በየቡድኑ ውስጥ ግን ማሳዎቹ እርስ በርስ በጣም ይለያያሉ፤ ስታንዳርድ ዴቪዬሽናቸው 2.6 እና 2.7 ኩንታል ነው። በብተና ከተዘሩትም 18 ኩንታል የሰጠ አለ፤ በመስመር ተዘርቶም 12 ላይ የቀረ አለ።

ተማሪው ቁጥሩን ኤስፒኤስኤስ በተባለው የስታትስቲክስ ፕሮግራም ላይ አስገብቶ የሁለት ቡድን ቲ-ቴስት ሠራ። በሰንጠረዡ ላይ `Sig. (2-tailed)` በሚለው ዓምድ ሥር `.029` ወጣ። ከ0.05 ያነሰ ነውና ደስ ብሎት በውጤት ምዕራፉ እንዲህ ጻፈ፦ «ጤፍን በመስመር መዝራት ምርትን በከፍተኛ ሁኔታ እንደሚጨምር ተረጋግጧል (p = 0.029)።»

ይህን የመሰለ ዓረፍተ ነገር በየመመረቂያ ጽሑፉ ሞልቷል። ችግሩ ያለው በሁለት ነገር ላይ ነው፦ «በከፍተኛ ሁኔታ» የሚለው እና «ተረጋግጧል» የሚለው። ሁለቱም 0.029 ውስጥ የሉም። የት እንዳሉ ለማየት መጀመሪያ 0.029 የምን ቆጠራ እንደሆነ ማወቅ ይገባል።

ዕጣውን እንደገና ማውጣት

አርባዎቹ ማሳዎች ሁሉም በብተና ቢዘሩም ኖሮ ምርታቸው አንድ ዓይነት አይሆንም ነበር። አንዱ ዋልካ ላይ ነው፣ ሌላው ቀይ አፈር ላይ። አንዱ ሁለት ጊዜ ታርሟል፣ ሌላው አንዴ። የአንዱ ጤፍ ነፋስ መትቶት ቀድሞ ጋሽቧል። እነዚህን ማሳዎች በዕጣ ለሁለት ብንከፍላቸው የአንዱ ቡድን አማካይ ከሌላው ትንሽ ከፍ ማለቱ አይቀርም፤ ምንም የተለየ ነገር ሳይደረግላቸው ማለት ነው። ጥያቄው «ዕጣ ብቻውን 1.9 ኩንታል የሚያህል ልዩነት ይፈጥራል ወይ? የሚፈጥርስ ከሆነ በስንት ጊዜ አንዴ?» የሚል ነው።

ይህን መሞከር ይቻላል። የአርባውን ማሳ ምርት በአርባ ቁራጭ ወረቀት ላይ ጻፉ። የትኛው በመስመር፣ የትኛው በብተና እንደተዘራ አትጻፉ፤ ቁጥሩን ብቻ። ወረቀቶቹን ደባልቁና ዓይናችሁን ጨፍናችሁ 20 አንሱ። ያነሳችሁትን «መስመር» በሉት፣ የቀረውን «ብተና»። የሁለቱን አማካይ አውጡና ልዩነቱን መዝግቡ። ስሙ አሁን ከእውነተኛው አዘራር ጋር የሚያገናኘው የለም፤ ስለዚህ የምታገኙት ልዩነት የዕጣ ሥራ ብቻ ነው። አንዴ 0.4 ይመጣል፣ አንዴ 1.1 ሲቀነስ፣ አንዴ 0.7። አንዳንዴ ደግሞ፣ አልፎ አልፎ፣ 2 ኩንታል ይመጣል።

አርባ ማሳን ሃያ ሃያ አድርጎ ለመክፈል ከ137 ቢሊዮን በላይ መንገድ ስላለ ሁሉንም በእጅ ማዳረስ አይታሰብም። ኮምፒውተር 10,000 ጊዜ ቢደባልቅልን ይበቃናል። አር የሚባለውን ፕሮግራም ለሚጠቀም ሥራው ከዚህ አይበልጥም፦

```
d <- replicate(10000, {
  s <- sample(yield)
  mean(s[1:20]) - mean(s[21:40])
})
mean(abs(d) >= 1.9)
```

እዚህ ላይ `yield` ማለት የአርባው ማሳ ምርት ዝርዝር ነው። የመጨረሻው መስመር የሚቆጥረው ከ10,000 ድብልቆች ስንቱ 1.9 ኩንታል ወይም ከዚያ የበለጠ ልዩነት እንዳመጡ ነው። መስመሩ ቢበልጥም ብተናው ቢበልጥም ይቆጠራል፤ `2-tailed` የሚለው ጽሑፍም ይህንኑ ይናገራል፤ ተማሪው ሥራውን ሲጀምር የትኛው እንደሚበልጥ አያውቅምና። በእኛ ምሳሌ 290 ገደማ ይሆናል። 290 ለ10,000 ሲካፈል 0.029 ነው። ፒ-ቫልዩ ይኸው ነው።

ቲ-ቴስት ይህን ሁሉ ድብልቅ ሳይሠራ በቀመር አቋርጦ ወደ ተቀራራቢ መልስ ይደርሳል። ልዩነቱን ለዕጣ መዋዠቅ መለኪያ ያካፍላል፦ 1.9 ÷ 0.838 ≈ 2.27። 0.838 የመጣው ከሁለቱ ስታንዳርድ ዴቪዬሽኖችና ከማሳዎቹ ብዛት ነው። መንገዱን በ1908 ያሳየው ዊልያም ጎሴት ደብሊን ውስጥ ጊነስ በሚባለው የቢራ ፋብሪካ ተቀጥሮ የሚሠራ ሰው ነበር፤ ከገብስና ከጥቂት ናሙና ጋር የሚታገል ባለሙያ። በእርሱ ላይ የገነባው ሮናልድ ፊሸርም ሮተምስተድ በተባለ የእንግሊዝ የእርሻ ምርምር ጣቢያ ነበር የሚሠራው። ይህ ሒሳብ እንግዲህ ከመጀመሪያው የማሳ ሒሳብ ነው።

በአንድ ዓረፍተ ነገር ሲቀመጥ፦ የአዘራሩ ዘዴ ለምርቱ ምንም ለውጥ ባያመጣ ኖሮ፣ ማሳዎቹን በዕጣ መክፈል ብቻውን 1.9 ኩንታል ወይም ከዚያ የበለጠ ልዩነት የሚያሳየን ከመቶ ሦስት ጊዜ ያህል ነበር። «ባያመጣ ኖሮ» የምትለዋን አጥብቃችሁ ያዙ። ፒ-ቫልዩ የሚሰላው ዘዴው ለውጥ አያመጣም ብለን ከተነሳን በኋላ ነው። ባለሙያዎቹ ነል ሃይፖቴሲስ የሚሉት መነሻ ይህ ነው።

የተገለበጠው አነጋገር

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ስህተት መምህሩንም ተማሪውንም ይጥላል። «ፒ 0.029 ነው፤ ስለዚህ ውጤቱ በአጋጣሚ የመጣ የመሆኑ ዕድል 2.9 በመቶ ነው፤ መስመሩ የመሥራቱ ዕድል ደግሞ 97.1 በመቶ ነው» ይባላል። ምክንያታዊ ይመስላል፤ ግን ጥያቄው ተገልብጧል። ፒ-ቫልዩ የነገረን «ዘዴው ካልሠራ እንዲህ ያለ ቁጥር የማየት ዕድል ስንት ነው» የሚለውን ነው። ሰዎች የሚያነቡት «እንዲህ ያለ ቁጥር ካየን ዘዴው ያለመሥራቱ ዕድል ስንት ነው» ብለው ነው። ሁለቱ የተለያዩ ናቸው፤ መልሳቸውም በጣም ሊራራቅ ይችላል።

በቁጥር እንየው። በተለያየ ጊዜ 200 አዳዲስ የአዘራርና የአያያዝ ዘዴዎች ተሞከሩ እንበል፤ በትክክል የሚሠሩት 20ው ብቻ ናቸው፣ 180ው ከነባሩ ምንም አይለዩም። ሙከራዎቹ በደንብ የታቀዱ ስለሆኑ የሚሠራ ዘዴ ሲያጋጥማቸው ከአምስት አራቱን ይይዛሉ። ስለዚህ ከ20ው የሚሠሩ 16ቱ ከ0.05 በታች ፒ ያወጣሉ። ከማይሠሩት 180 ደግሞ 5 በመቶው፣ ማለትም 9ኙ፣ በዕጣ ብቻ ከ0.05 በታች ይገባሉ። በጠቅላላው 25 ዘዴዎች «ሲግኒፊካንት» ተባሉ፤ ከእነዚህ 9ኙ ባዶ ናቸው። 36 በመቶ ማለት ነው፤ 5 በመቶ አይደለም።

ከተሞከሩት አብዛኛዎቹ የሚሠሩ ቢሆኑ ኖሮ ይህ 36 ወደ ጥቂት ይወርድ ነበር። የሚሠሩት ከ200 አምስት ብቻ ቢሆኑ ደግሞ ከግማሽ በላይ ይሆን ነበር። ውጤቱ የሚወሰነው ከሙከራው በፊት ስለ ዘዴው በምናውቀው ነገር ላይ ነው፤ ይህ መረጃ ደግሞ ኤስፒኤስኤስ ውስጥ አልገባም፤ ስለዚህ ከኤስፒኤስኤስ ሊወጣ አይችልም። የአሜሪካ ስታትስቲክስ ማኅበር በ2016 ስለ ፒ-ቫልዩ ባወጣው መግለጫ ላይ ይህንኑ በግልጽ አስቀምጦታል፦ ፒ-ቫልዩ የተጠናው መላምት እውነት የመሆኑን ዕድል አይለካም።

ስለ 0.05ም አንድ ነገር ልበልና ልለፍ። ፊሸር በ1925 ለሥራ የሚመች ወሰን ብሎ ያቀረበው ነው፤ ከተፈጥሮ የመጣ ድንበር አይደለም። 0.049 እና 0.051 ለአንድ አንባቢ የሚናገሩት ተመሳሳይ ነገር ነው። አንዱን «ተሳካ» ሌላውን «ከሸፈ» ማለት ለአማካሪው ይመች ይሆናል እንጂ ለማሳው ትርጉም የለውም።

«በከፍተኛ ሁኔታ» የት ነው ያለው?

ፒ-ቫልዩ የልዩነቱን መጠንና የናሙናውን ብዛት አንድ ላይ ፈጭቶ አንድ ቁጥር ያደርጋቸዋል። ዱቄቱን አይቶ የትኛው እህል ስንት እንደነበረ መናገር አይቻልም። ይህን ለማየት ሌሎች ሁለት ጥናቶችን ከእኛው ጎን እናስቀምጥ።

የመጀመሪያው ግዙፍ ነው፤ በየቡድኑ 2,000 ማሳ አለው። ያገኘው ልዩነት በሄክታር 0.3 ኩንታል ብቻ ነው። ማሳዎቹ ልክ እንደ እኛዎቹ የሚለያዩ ከሆነ ፒ 0.0004 አካባቢ ይሆናል፤ ቆየት ባሉ የኤስፒኤስኤስ እትሞች ላይ በሦስት አኃዝ ተጠጋግቶ `.000` ተብሎ ይታያል። (ዜሮ ማለት አይደለም፤ ሲጻፍ p < 0.001 ነው የሚባለው። «p = 0.000» ብሎ የጻፈ ሰው ፒ ምን እንደሆነ እንዳልገባው በራሱ እጅ ፈርሟል።) ይህ ጥናት ከእኛው ተማሪ በብዙ እጥፍ ያነሰ ፒ አለው። ገበሬው የሚያገኘው ግን በሩብ ሄክታር ጥማድ 7 ኪሎ ተኩል ነው። ለዚህ ወንፈል አይጠራም።

ሁለተኛው ትንሽ ነው፤ በየቡድኑ 6 ማሳ። ልዩነቱ 2.5 ኩንታል፣ ከሁሉም የበለጠ ሆኖ ተገኘ። ፒ ግን 0.13 ገደማ ነው። «ሲግኒፊካንት አይደለም፤ ስለዚህ በመስመርና በብተና መካከል ልዩነት የለም» ብሎ መጻፍ እዚህ ላይ ትልቅ ስህተት ነው። በ12 ማሳ ለማየት የሚቻለው እጅግ ግዙፍ ልዩነት ብቻ ነው፤ ጥናቱ አላየሁም አለ እንጂ የለም አላለም።

መጠኑን የሚናገረው ሌላ ቁጥር ነው፤ እሱም እዚያው ሰንጠረዥ ላይ ከፒ በስተቀኝ `95% Confidence Interval of the Difference` በሚል ርዕስ ሥር በሁለት ዓምድ ተቀምጧል። ብዙ ተማሪ ዓይኑ `Sig.` ላይ ስለሚያርፍ እዚያ ድረስ አይዘልቅም። በእኛ ምሳሌ `Lower` የሚለው 0.20፣ `Upper` የሚለው 3.60 ነው። አሠራሩ ቀላል ነው፦ 1.9 ላይ 2.024 × 0.838፣ ማለትም 1.70 ገደማ፣ መቀነስና መደመር። (2.024 ለ40 ማሳ ከቲ ሰንጠረዥ የሚነበብ ቁጥር ነው።) በዚህ መንገድ የሚሰላ ክልል፣ ጥናቱ ደጋግሞ ቢሠራ፣ ከመቶ 95 ጊዜ ያህል እውነተኛውን ልዩነት ውስጡ ይይዛል። ይህኛው ክልል ይይዘው አይይዘው አናውቅም፤ ነገር ግን ከተሰበሰበው መረጃ ጋር የሚስማሙት የልዩነት መጠኖች የትኞቹ እንደሆኑ ያሳየናል።

አሁን ወደ ጥማድ እንመልሰው። በሄክታር ከ0.20 እስከ 3.60 ኩንታል ማለት በሩብ ሄክታር ከ5 ኪሎ እስከ 90 ኪሎ ማለት ነው። አምስት ኪሎ የወንፈሉን ጠላ እንኳ አይሸፍንም። ዘጠና ኪሎ አንድ ኩንታል ሊሞላ አሥር ኪሎ የቀረው ነው፤ ለዚያ የማይጎነበስ የለም። ጥናቱ ሁለቱንም አልከለከለም። አንድ ገበሬ ለመስመሩ የሚያወጣውን ትርፍ ጉልበት በጤፍ 30 ኪሎ ነው ብሎ ካሰላው፣ 30 ኪሎ ክልሉ ውስጥ ቁጭ ብላለች። ስለዚህ ከዚህ ጥናት ተነስቶ «ያዋጣል» ማለትም «አያዋጣም» ማለትም አይቻልም። ፒ 0.029 በነበረበት ሰዓት ነው ይህ የሆነው፤ «በከፍተኛ ሁኔታ» የተባለውም ለዚሁ ውጤት ነው።

መጠኑ ትልቅ ነው ወይስ ትንሽ የሚለውን የሚወስነው ስታትስቲክስ ሳይሆን ጉልበትና የጤፍ ዋጋ ነው። ተማሪው ይህን ወሰን፣ ማለትም ስንት ኪሎ ቢጨምር ያዋጣል የሚለውን፣ ዘር ከመዘራቱ በፊት ገበሬዎቹን ጠይቆ ቢጽፈው ኖሮ ጥናቱ በእጥፍ ይጠቅም ነበር ባይ ነኝ። ምርት ከተመዘነ በኋላ የሚመረጥ ወሰን ሁልጊዜ ለውጤቱ ያደላል።

«ተረጋግጧል»ስ?

ፒ-ቫልዩ የሚከራከረው ከአንድ ተቃዋሚ ጋር ብቻ ነው፤ ከዕጣ ጋር። ሌሎቹን ተቃዋሚዎች አያውቃቸውም።

የእኛ ተማሪ ዕጣ ማውጣቱ ትልቅ ነገር ነው። ባያወጣ ኖሮስ? «በመስመር የዘሩ 20 ገበሬዎችን ፈልጌ፣ በብተና ከዘሩ 20 ጋር አወዳደርኩ» ብሎ ቢሆን ኖሮ በመስመር የዘሩት አብዛኛዎቹ ሞዴል አርሶ አደሮች ሆነው ይገኙ ነበር፦ በሬያቸው ያልደከመ፣ ማዳበሪያ በወቅቱ የገዙ፣ ደጋግመው ያረሱ፣ ልጆቻቸው ለአረም የደረሱ። እነዚህ ሰዎች በብተና ቢዘሩም ይበልጣሉ። ልዩነቱ ያኔ ምናልባት 4 ኩንታል፣ ፒው ከ0.001 በታች ይሆን ነበር፤ ስለ መስመር ግን የሚነግረን ጥቂት ነው። አነስተኛ ፒ አድሏዊ ንጽጽርን አያስተካክልም፤ እንዲያውም ያስውበዋል። አንባቢ ይህን ለማወቅ ውጤቱን ሳይሆን የአሠራር ምዕራፉን ማየት አለበት፤ ማን በየትኛው ቡድን እንደሚገባ የወሰነው ዕጣ ነው ወይስ ገበሬው ራሱ?

ሁለተኛው ተቃዋሚ የበለጠ ይደበቃል። ተማሪው አርባ ገበሬ ማግኘት ከብዶት ስምንት ገበሬ ብቻ አግኝቶ፣ ከእያንዳንዱ ማሳ አምስት ቦታ ላይ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር እያጨደ ቢመዝን፣ ኤስፒኤስኤስ ውስጥ አርባ ረድፍ ይኖረዋል። ፕሮግራሙም አርባ ብሎ ያሰላል። ነገር ግን የአንድ ገበሬ አምስት ቦታዎች አፈራቸው አንድ፣ አረማቸው አንድ፣ የተዘሩበት ቀን አንድ ነው፤ አምስት ምስክር ሳይሆኑ አንድ ምስክር አምስት ጊዜ ሲናገር ነው። እውነተኛው ናሙና በየቡድኑ አራት ነው። ፒው ከሚገባው በላይ ትንሽ ሆኖ ይወጣል። ማወቂያው ቀላል ነው፦ በሰንጠረዡ ላይ `df` የሚለውን ዓምድ ተመልከቱ። በሁለት ቡድን ቲ-ቴስት ከጠቅላላው ቁጥር ሁለት ተቀንሶ የሚገኝ ነው፤ `38` ካለ ፕሮግራሙ አርባ ራሱን የቻለ ማሳ እንዳለ አምኗል። ከዚያ የገበሬዎቹን ቁጥር ጽሑፉ ውስጥ ፈልጉ። ስምንት ከሆነ ያ ፒ አይታመንም።

ሦስተኛው የመምረጥ ጉዳይ ነው። ጤፍ ላይ የሚለካ ነገር ብዙ ነው፦ ቁመቱ፣ ከአንድ ሥር የወጣው አገዳ ብዛት፣ የዛላው ርዝመት፣ ጭዱ፣ ፍሬው። አምስቱም ላይ ቲ-ቴስት ተሠርቶ ትንሿ ፒ ብቻ ማጠቃለያው ላይ ከወጣች፣ ያቺ ፒ ትርጉሟን አጥታለች። አምስቱ መለኪያዎች እርስ በርስ የማይገናኙ ቢሆኑና ዘዴው ምንም ባይሠራ እንኳ፣ ቢያንስ አንዱ ከ0.05 በታች የመግባት ዕድሉ 23 በመቶ ገደማ ነው (1 − 0.95⁵)። በእርግጥ ቁመትና ጭድ ይገናኛሉ፤ ስለዚህ ትክክለኛው ቁጥር ከዚህ ዝቅ ይላል፤ ግን 5 በመቶ አይሆንም። መድኃኒቱ ዋናው መለኪያ ፍሬው ነው ብሎ አስቀድሞ መጻፍ፣ ከዚያም አምስቱንም ውጤት ማውጣት ነው።

እነዚህ ሁሉ ቢስተካከሉም አንድ ክረምት አንድ ክረምት ነው። ማቻከልና ጎዛምን ላይ የታየው ነገር ዝናቡ ቀድሞ ሲወጣ ወይም ደጀን በረሃ አፋፍ ላይ ይደገም አይደገም ፒ-ቫልዩ አያውቅም። ያልተሰበሰበ ነገር አይሰላም።

እንዴት ተብሎ ይጻፍ?

የተማሪውን ዓረፍተ ነገር እንዲህ ባቃናው ደስ ይለኛል፦ «በማቻከልና በጎዛምን ወረዳዎች በአንድ የመኸር ወቅት በዕጣ በተመደቡ 40 ማሳዎች ላይ፣ በመስመር የተዘራው ጤፍ በብተና ከተዘራው በአማካይ በሄክታር 1.9 ኩንታል በልጦ ተገኝቷል (95% ክልል፦ ከ0.2 እስከ 3.6 ኩንታል፤ p = 0.029)። ዘዴዎቹ ልዩነት ባይኖራቸው ኖሮ እንዲህ ያለ ክፍተት በዕጣ ብቻ መታየቱ ያልተለመደ ነበር። ይሁን እንጂ የጭማሪው መጠን ገና በሰፊ ክልል ውስጥ ነው፤ ለተጨማሪው ጉልበት ይመልስ እንደሆነ ከዚህ ጥናት መወሰን አይቻልም።»

ረዘመ። አማካሪው «ይህን ያህል መጠራጠር ምን ይባላል፣ ውጤትህ እኮ ሲግኒፊካንት ነው» ሊለው ይችላል። ተማሪው የሚመልሰው ነገር አለው፦ «ጋሼ፣ ሲግኒፊካንት መሆኑን አልካድኩም፤ ስንት ኪሎ እንደሆነ ነው የጻፍኩት።» በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ የተቀነሰ ነገር የለም፤ ልዩነቱ አለ፣ ፒውም አለ። የተጨመረው ክልሉ፣ ቦታውና ወቅቱ ነው። የወጡት ሁለቱ ቃላት ብቻ ናቸው።

ክልሉን ማጥበብ የሚፈልግ ዋጋውን አስቀድሞ ማስላት ይችላል። የክልሉ ስፋት የሚቀንሰው በናሙናው ብዛት ልክ ሳይሆን በብዛቱ ስኩዌር ሩት ልክ ነው፤ ስለዚህ ክልሉን በግማሽ ለማጥበብ ማሳው አራት እጥፍ መሆን አለበት። በየቡድኑ 80፣ በድምሩ 160 ማሳ ማለት ነው። ያኔም አማካይ ልዩነቱ 1.9 ሆኖ ቢገኝ ክልሉ በሄክታር ከ1.07 እስከ 2.73 ኩንታል ይሆናል፤ በጥማድ ከ27 እስከ 68 ኪሎ። 30 ኪሎ ለሚያሰላው ገበሬ ይህ ከመጀመሪያው የተሻለ መልስ ነው፤ ከሦስቱ ኪሎ በቀር ክልሉ ሁሉ ከወጪው በላይ ነውና። 160 ማሳ ላይ ግን ዕጣ የሚያወጣ፣ የሚያዘራና የሚመዝን ሰው ያስፈልጋል። ለአንድ ተመራቂ ተማሪ የሚቻል አይደለም፤ ስድስት ሰባት ተማሪ በአንድ ዓይነት አሠራር ማሳውን ተከፋፍሎ ቢይዘው ግን ይቻላል።